35 በመቶ አስበው 26 በመቶ እንዳያገኙ፦ ማርጂንና ማርክአፕን ሳያምታቱ ዋጋ መተመን

በ100 የተገዛ ዕቃ በ125 ቢሸጥ ትርፉ 25 ነው። በዚህ ማንም አይከራከርም። ክርክሩ የሚነሳው «ስንት በመቶ?» ሲባል ነው። 25ን ለመግዣው ለ100 ካካፈልነው 25 በመቶ ይሆናል፤ ለመሸጫው ለ125 ካካፈልነው ግን 20 በመቶ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ማርክአፕ ይባላል፣ ሁለተኛው ማርጂን። ሁለቱም ትክክለኛ ስሌቶች ናቸው። ጉዳት የሚመጣው አንዱን አስቦ በሌላው ሲያሰሉ ነው።

ስለዚህ «30 በመቶ አተርፋለሁ» የሚል ሰው ሲገጥምዎ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ከመግዣው ነው ከመሸጫው?» የሚል ነው። ይህ ሳይታወቅ ቁጥሩ ብቻውን ብዙም አይናገርም። አንድ ቀላል መለያ አለ፤ ዕቃው በነጻ ካልተገኘ በቀር ማርጂን 100 በመቶ ሊሞላ አይችልም፤ ትርፍ የመሸጫው አንድ ክፍል ነውና ከመሸጫው ሊበልጥ አይችልም። ማርክአፕ ግን 100ም 150ም ሊሆን ይችላል። የዋጋ ዝርዝር ላይ «120 በመቶ ማርጂን» ተጽፎ ካዩ፣ የጻፈው ሰው ማርክአፕ ማለቱ ነው።

ስህተቱ ምን ያህል ያስከፍላል

አንድ ሱቅ በወር 200,000 ሽያጭ አቅዷል እንበል። ኪራይ፣ ደመወዝ፣ መብራትና ሌሎች የሱቁ ወጪዎች ተደምረው 50,000 ናቸው፤ ይህ የሽያጩ 25 በመቶ ነው። ባለቤቱ ከዚህ በላይ 10 በመቶ እንዲተርፈው ይፈልጋል። 25 ሲደመር 10፣ 35 በመቶ ጥቅል ትርፍ ያስፈልገዋል ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ ያሉት መቶኛዎች በሙሉ የሽያጭ መቶኛዎች መሆናቸውን ልብ ይበሉ። 35 በመቶው ማርጂን ነው። በዕቅዱ መሠረት ዕቃዎቹ በመግዣ 130,000 ያወጣሉ፤ 70,000 ጥቅል ትርፍ ይገኛል፤ ወጪው 50,000 ሲቀነስ 20,000 ይተርፋል።

አሁን ባለቤቱ ዋጋ ሊለጥፍ ተነሳና የእያንዳንዱን ዕቃ መግዣ በ1.35 አባዛ። ብዙ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ «35 በመቶ ልጨምርበት» ሲባል እጅ ወደ ማባዣው ይሄዳል። በ130,000 የተገዛው ዕቃ በሙሉ ተሸጦ የሚገባው 175,500 ይሆናል። ጥቅል ትርፉ 45,500 ነው። የሱቁ ወጪ ግን አሁንም 50,000 ነው። ዕቃው ሁሉ ተሸጦ፣ ደንበኛ ሳይጎድል፣ ምንም ሳይሰረቅ፣ ወሩ በ4,500 ኪሳራ ይዘጋል።

የዚህ ስህተት ክፋቱ ድምፅ የሌለው መሆኑ ነው። እያንዳንዱ ዕቃ ከመግዣው በላይ ስለሚሸጥ እያንዳንዱ ሽያጭ ትርፋማ ይመስላል። ጉድለቱ የሚታየው በወሩ መጨረሻ ነው፤ ያኔም ጥፋቱ ወደ ኪራዩ ወይም ወደ ገበያው ይላከካል።

1ኛ ደረጃ፦ እውነተኛውን መግዣ ማውጣት

ቀመሩ ትክክል ሆኖ መግዣው የተሳሳተ ከሆነ ውጤቱም የተሳሳተ ነው። በደረሰኝ ላይ ያለው ዋጋ መግዣ አይደለም፤ መግዣ ማለት ዕቃው መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ለሽያጭ ዝግጁ እስኪሆን ድረስ የወጣው ሁሉ ነው። ከዚህ በኋላ አንድ ምሳሌ ይዘን እስከ መጨረሻው እንሂድ።

25 የጠረጴዛ መብራቶች፣ አንዱ በ480፣ በድምሩ በ12,000 ተገዙ። ለማጓጓዣና ለማውረጃ 960 ተከፈለ። ድምሩ 12,960 ነው። ካርቶኖቹ ሲከፈቱ አንዱ መብራት ተሰብሮ ተገኘ፤ ሻጩም አይተካም። እዚህ ላይ ድምሩን ለ25 ማካፈል 518.40 ያሳያል፣ ግን 25 መብራት የለም። ሊሸጡ የሚችሉት 24 ናቸው፤ ስለዚህ 12,960 ለ24 ይካፈላል። የአንዱ መግዣ 540 ነው። ከደረሰኙ 480 ጋር ሲነጻጸር የ60 ልዩነት አለው።

ለሚሰበር ወይም ለሚበላሽ ዕቃ ይህን ስሌት በየጭነቱ መሥራት ይሻላል። አንድ ጭነት ምንም ሳይሰበርበት ሊመጣ ይችላል፤ የዋጋ ዝርዝሩ ግን እንደዚያው ሆኖ እንዲቆይ ከተፈለገ ያለፉትን በርካታ ጭነቶች ስብራት አማካይ መያዝ ነው።

2ኛ ደረጃ፦ የሚፈለገውን ማርጂን መወሰን

ከላይ እንደታየው የሱቁን ወርኃዊ ወጪ ለወርኃዊ ሽያጭ ያካፍሉና እንዲተርፍ የሚፈልጉትን ይደምሩበት። በምሳሌያችን 35 በመቶ ነው። ማጓጓዣውን በመግዣው ውስጥ አንዴ ካስገቡት፣ እዚህ ከሱቁ ወጪ ጋር ደግመው አይቁጠሩት።

3ኛ ደረጃ፦ ማካፈል እንጂ ማባዛት አይደለም

መሸጫው ሙሉው 100 በመቶ ነው። ከእሱ 35 በመቶው ትርፍ ከሆነ፣ መግዣው የቀረው 65 በመቶ ነው። መብራቱ የተገዛበት 540 የመሸጫው 65 በመቶ ነው ማለት ነው። ስለዚህ መሸጫውን ለማግኘት 540ን ለ0.65 እናካፍላለን፦

```
መሸጫ = መግዣ ÷ (1 − ማርጂን)
540 ÷ (1 − 0.35) = 540 ÷ 0.65 = 830.77
```

በ1.35 ቢባዛ ኖሮ 729 ይወጣ ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በአንድ መብራት 100 ያህል ነው።

830.77 ተብሎ ዋጋ አይለጠፍም፤ ይጠጋጋል። ወደ 830 ዝቅ ቢል ማርጂኑ 34.9 በመቶ፣ ወደ 835 ከፍ ቢል 35.3 በመቶ ይሆናል። እዚህ ላይ ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ 830ን እንያዝ። ዋጋው አነስተኛ በሆነ ዕቃ ላይ ግን ማጠጋጋት ትርፍ ይበላል፤ 13.85 የወጣን ዋጋ 13 ማድረግ 35 በመቶውን ወደ 31 ያወርደዋል። በዚያ ጊዜ ወደ ላይ ማጠጋጋት ነው የሚያዋጣው።

4ኛ ደረጃ፦ ወደ ኋላ ሄዶ ማረጋገጥ

ዋጋው ከመለጠፉ በፊት አንድ ጊዜ በተቃራኒው ይሰላ። ከመሸጫው መግዣው ይቀነስ፣ የቀረው ለመሸጫው ይካፈል። 830 ሲቀነስ 540፣ 290 ነው፤ 290 ለ830 ሲካፈል 0.349። ታስቦ የነበረው ይኸው ነው። ያንኑ ለ729 ብንሠራው 189 ለ729 ተካፍሎ 0.259 ይሰጣል። ወደ 26 በመቶ መሆኑ ነው። የሱቁ ወጪ ብቻውን 25 በመቶ መሆኑን ካስታወስን፣ ያ ዋጋ የት ሊያደርስ እንደነበር ግልጽ ነው።

ሁልጊዜ ማካፈል የሚሰለቸው ሰው አንዴ አስልቶ ማባዣውን መያዝ ይችላል። 1 ለ0.65 ሲካፈል 1.538 ነው፤ 35 በመቶ ማርጂን የሚፈለግበትን ማንኛውንም ዕቃ በዚህ ማባዛት ይቻላል። ማርክአፕ ለሥራ የሚመቸውም ለዚህ ነው፤ በእጅ ያለው መግዣው ስለሆነ በፍጥነት ዋጋ ለማውጣት ይረዳል። ዋናው ነገር ማርክአፑ ከማርጂኑ ተመንዝሮ የመጣ መሆኑ ነው። በብዛት የሚያስፈልጉት እነዚህ ናቸው፦

| የሚፈለገው ማርጂን | ማርክአፑ | መግዣው የሚባዛበት |
|---|---|---|
| 10% | 11.1% | 1.111 |
| 20% | 25% | 1.25 |
| 25% | 33.3% | 1.333 |
| 30% | 42.9% | 1.429 |
| 35% | 53.8% | 1.538 |
| 40% | 66.7% | 1.667 |
| 50% | 100% | 2 |

ሠንጠረዡን ወደ ታች ሲያነቡ ክፍተቱ እየሰፋ እንደሚሄድ ያያሉ። በ10 በመቶ ላይ መምታታቱ ብዙም አይጎዳም፤ በ40 ላይ ግን ከባድ ነው። በጣም በትንሽ ትርፍ ብዙ ዕቃ የሚያንቀሳቅሱ ነጋዴዎች ልዩነቱን ሳያስተውሉ ዓመታት የሚቆዩት በዚህ ምክንያት ነው።

ካልኩሌተርና የስሌት ሠንጠረዥ

ካልኩሌተርዎን አንድ ጊዜ ይፈትኑት። 100፣ ከዚያ +፣ ከዚያ 25፣ ከዚያ % ይጫኑ። አብዛኞቹ 125 ያወጣሉ፤ ይህ ማርክአፕ ነው። አንዳንድ የጠረጴዛ ካልኩሌተሮች ግን በዚሁ አጫጫን 133.33 ያወጣሉ፤ እነሱ 100ን ለ0.75 እያካፈሉ ነው፣ ማለትም ማርጂን እየሠሩ ነው። ሁለት ሠራተኞች በሁለት ዓይነት ካልኩሌተር ዋጋ ካወጡ አንድ ዓይነት ዕቃ ሁለት ዋጋ ይይዛል፣ ሁለቱም «በትክክል ነው የመታሁት» ይላሉ። ከ% ቁልፍ ይልቅ 540 ÷ 0.65 ብሎ መምታት በሁሉም ላይ አንድ ውጤት ይሰጣል።

በኮምፒዩተር ሲሠራ፣ መግዣው በ`B2`፣ የሚፈለገው ማርጂን በ`C2`፣ መሸጫው በ`D2`፣ የተገኘው ማርጂን ማረጋገጫ በ`E2` ይቀመጥ። የ`D2` ቀመር የመጀመሪያው፣ የ`E2` ደግሞ ሁለተኛው ነው፦

```
=B2/(1-C2)
=(D2-B2)/D2
```

`C2` ላይ `35%` ወይም `0.35` ይጻፋል። የመቶኛ ምልክቱ ተረስቶ 35 ብቻ ከተጻፈ መሸጫው −15.88 ሆኖ ይመጣል። ዋጋው ኔጌቲቭ ከሆነ ሌላ ምክንያት መፈለግ አያስፈልግም፣ የጎደለው ያ ምልክት ነው። የተጠጋጋው ዋጋ `D2` ላይ በእጅ ከተጻፈ በኋላም `E2` እውነተኛውን ማርጂን ማሳየቱን ይቀጥላል፤ ስለዚህ ያ ዓምድ አይጥፋ።

ቅናሽ ሲጠየቅ

ቅናሽ ሁልጊዜ ከመሸጫው ላይ ነው የሚቆረጠው፤ ስለዚህ ከቅናሽ ጋር የሚነጻጸረው ማርጂን እንጂ ማርክአፕ አይደለም። እዚህ ላይ ያለው ስህተት ከዋጋ ማውጣቱም የባሰ ነው። መብራቱን በ35 በመቶ ማርክአፕ በ729 የለጠፈ ሰው አልሸጥ ሲለው «በመግዣው ላውጣው» ብሎ 35 በመቶ ቅናሽ ቢለጥፍ፣ ዋጋው 473.85 ይሆናል። የተገዛው በ540 ነው። በእያንዳንዱ መብራት ከ66 በላይ እየከሰረ፣ እሱ ግን ያለ ትርፍ እየሸጠ ይመስለዋል። በ729 ሊሰጥ የሚችለው ትልቁ ቅናሽ ከማርጂኑ እኩል ነው፣ 25.9 በመቶ።

በ830 የሚሸጠውን እንመልከት። ደንበኛው 10 በመቶ ቅናሽ ቢያገኝ 747 ይከፍላል። ትርፉ ከ290 ወደ 207 ይወርዳል። ዋጋው በ10 በመቶ ቀነሰ፣ ትርፉ ግን በ29 በመቶ ገደማ። ማርጂኑ 27.7 በመቶ ላይ ይደርሳል። ያንኑ ጥቅል ትርፍ በቅናሽ ዋጋ ለማግኘት 290 ለ207 ሲካፈል 1.4 ነውና፣ 24 መብራት ይሸጥ በነበረበት ጊዜ 34 መሸጥ አለበት። ቅናሽ ከመለጠፍዎ በፊት ይህንን ቁጥር አውጥተው፣ ቅናሹ ያን ያህል ገዢ ይጨምራል ወይ ብለው ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ አይጨምርም።

ታክስ በዋጋው ውስጥ ካለ

ከገዢው ተሰብስቦ ለመንግሥት የሚገባ የሽያጭ ታክስ የእርስዎ ገቢ አይደለም፤ ማርጂን ሲሰላ መውጣት አለበት። የሚወጣውም በማካፈል ነው። የታክሱ መጠን 10 በመቶ ቢሆንና መብራቱ ታክስን ጨምሮ በ913 ቢሸጥ፣ 913 ለ1.10 ተካፍሎ 830 ይገኛል። ከ913 ላይ 10 በመቶ መቀነስ 821.70 ያወጣል፣ ስህተት ነው፤ ታክሱ የታሰበው ከ830 ላይ እንጂ ከ913 ላይ አይደለምና። በመግዣ በኩል የከፈሉት ታክስ የሚመለስልዎ ወይም የሚቀናነስልዎ ከሆነ ከመግዣውም ይውጣ፤ ካልሆነ መግዣው ውስጥ ይቆያል።

ወሩ ሲዘጋ

በየዕቃው ላይ የተለጠፈው ማርጂን ዕቅድ ነው። የሆነውን የሚነግረው ቆጠራው ነው። በወሩ መጀመሪያ የነበረው ዕቃ በመግዣው 60,000፣ በወሩ ውስጥ የተገዛው ማጓጓዣውን ጨምሮ 140,000፣ በመጨረሻ የተቆጠረው 64,000 ቢሆን፣ ከሱቁ የወጣው ዕቃ 136,000 ነው። ሽያጩ 200,000 ከሆነ ጥቅል ትርፉ 64,000፣ ማርጂኑ 32 በመቶ ነው። የታሰበው 35 ነበር።

የጉድለቱ መጠን ራሱ ወዴት መፈለግ እንዳለብዎ ይጠቁማል። ሁለት ወይም ሦስት ነጥብ የጎደለ ከሆነ ብዙ ጊዜ ያልተመዘገበ ቅናሽ፣ ስብራት፣ ስርቆት ወይም መግዣው ጨምሮ ሳለ በአሮጌ ዋጋ መሸጥ ነው። 35 ታስቦ 26 አካባቢ ከተገኘ ግን ሌባ ከመፈለግ በፊት የዋጋ ዝርዝሩን ይክፈቱ፤ አንድ ሰው በ1.35 ሲያባዛ ከርሟል። በ30 ዕቅድ ላይ የዚህ ምልክት 23 አካባቢ ነው፣ በ40 ላይ ደግሞ 28.6።

ሌላው የሚያሳስት የማርጂኖች ተራ አማካይ ነው። አንዱ ዕቃ 20 በመቶ፣ ሌላው 50 በመቶ ቢሆን አማካዩ 35 ነው ተብሎ ዕቅዱ የተሟላ ይመስላል። የመጀመሪያው 80,000፣ ሁለተኛው 20,000 ቢሸጥ ግን ትርፉ 16,000 ሲደመር 10,000፣ ከ100,000 ሽያጭ 26,000 ነው። 26 በመቶ። ማርጂኖች የሚዳመሩት በገንዘብ ከተመነዘሩ በኋላ ነው።

ገበያው ዋጋውን ካልተቀበለ

830 ተሰልቶ ወጣ፣ ነገር ግን ተመሳሳይ መብራት በየቦታው በ780 ይሸጣል። ሰው እዚህ ሲደርስ ማርጂኑን ትቶ ገበያውን ይከተላል። ያም አንዱ መንገድ ነው፤ በ780 ማርጂኑ 30.8 በመቶ ነው፣ ሌሎች ዕቃዎች ጉድለቱን ከሸፈኑ ሊያስኬድ ይችላል። ሌላው መንገድ ግን ያንኑ ቀመር ከመሸጫው ጀምሮ ወደ መግዣው መሥራት ነው። 780 በ0.65 ሲባዛ 507 ይሆናል። በ35 በመቶ ማርጂን በገበያው ዋጋ ለመሸጥ አንዱ መብራት መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ከ507 በላይ ማውጣት የለበትም።

ይህንን ወደ ደረሰኙ እንመልሰው። 507 በ24 ሲባዛ 12,168 ነው። ማጓጓዣው 960 ሲቀነስ 11,208 ይቀራል። ለ25 ሲካፈል 448.32። አቅራቢው ከ480 ወደ 448 መውረድ አለበት ማለት ነው፤ ይህ 7 በመቶ ያህል ቅናሽ ነው። የተሰበረውን ለመተካት ከተስማማ ግን 25ቱም ስለሚሸጡ ስሌቱ ይለወጣል፦ 507 በ25፣ 12,675፤ ማጓጓዣው ሲቀነስ 11,715፤ ለ25 ሲካፈል 468.60። ያኔ የሚጠየቀው ቅናሽ 11 ወይም 12 ብቻ ነው። አቅራቢው ዋጋ ከመቀነስ ስብራት መተካት የሚቀለው ከሆነ ድርድሩ ከዚያ ይጀመር።